ለክሊኒክ የቀጠሮ ዌብሳይት ፕሮፎርማ ማዘጋጀት፦ ከድሬዳዋ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ

ሳቢያን አካባቢ ያለ አንድ ትንሽ ክሊኒክ የቀጠሮ ማስያዣ ዌብሳይት ፈልጓል። ባለቤቱ ዶክተር በስልክ ያሉኝ አጭር ነው፦ «ሰው ቤቱ ሆኖ ቀጠሮ ይያዝ፣ እዚህ መጥቶ በዚህ ሙቀት አይሰለፍ። ዋጋህን በፕሮፎርማ ላክልኝ።»

ፕሮፎርማ እዚህ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ገጽ ነው። የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ፣ ጠቅላላ ድምር፣ ከታች ፊርማና ማህተም። ወንበር ለሚገዛ ሰው ይበቃል። «የቀጠሮ ዌብሳይት፣ ብዛት 1» ብዬ ብጽፍ ግን እሳቸው የሚያስቡትና እኔ የማስበው ዕቃ አንድ መሆኑን ማንም አያውቅም። ልዩነቱ የሚታየው ገንዘቡ ግማሽ ከተከፈለ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሁለታችንም የምንይዘው ወረቀት የለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ነው የማዘጋጀው። አንደኛው ለሒሳብ ሠራተኛቸው የሚሆን የአንድ ገጽ ፕሮፎርማ። ሁለተኛው ከሱ ጋር የሚያያዝ የሥራ ወሰን ሰነድ፤ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይሠራ፣ አለቀ የሚባለው መቼ እንደሆነ የሚናገር። ዋጋው ከሁለተኛው ይወጣል እንጂ በግምት አይጻፍም።

ዋጋ ከመናገሬ በፊት ካርድ ክፍላቸው ቁጭ ብዬ ጠዋቱን ልይ ብዬ ዶክተሩን ጠየቅኋቸው። «ና፣ ምን ችግር አለው» አሉኝ።

ማክሰኞ

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ካርድ ክፍሉ ጥግ ተቀመጥኩ። ክሊኒኩ ሁለት ሐኪም አለው፤ አንድ ጠቅላላ ሐኪምና አንዲት የማህፀንና ጽንስ ሐኪም። ጠዋት ከ2 ተኩል እስከ 6 ተኩል ያያሉ፣ ከሰዓት ደግሞ ፀሐዩ ሲበርድ ከ10 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት።

የመጀመሪያው ያየሁት ነገር፣ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ቀጠሮ የሌለው ነው። ከመልካ ጀብዱ በባጃጅ የመጣ አለ፣ ከከተማ ውጭ በሌሊት ተነስቶ የመጣ አለ፣ ልጇ ሌሊቱን ሲያተኩሰው አድሮ የመጣች እናት አለች። እነዚህ ሰዎች ዌብሳይት ተሠራ ብለው መምጣታቸውን አያቆሙም። ስለዚህ ሰዓቱን ሁሉ ለኦንላይን ቀጠሮ የሚሰጥ ሲስተም እዚህ ክሊኒክ ውስጥ በመጀመሪያው ሳምንት ይፈርሳል። ካርድ ክፍል የምትሠራው ልጅ በር ላይ የቆመውን ሰው ትታ ስክሪን ላይ ያለውን ስም መጥራት ስለማትችል ሲስተሙን ትተዋለች፣ ልክም ነች።

ሁለተኛው ነገር ደብተሮቹ ናቸው። ሁለት ናቸው። አንዱ ካርድ ክፍል ውስጥ አለ፣ በስልክ የሚደውል ሰው ስሙ እሱ ላይ ይጻፋል። ሌላው የማህፀን ሐኪሟ ክፍል ውስጥ አለ፤ ለክትትል የምትመለስ እናት ከመውጣቷ በፊት ቀኑ እዚያው ይያዝላታል። ሁለቱ ደብተሮች አይተያዩም።

«ሁለቱም ላይ አንድ ሰዓት ከተያዘስ?» አልኳት ልጅቷን።

«አቦ በየሳምንቱ ነው እሱ» አለችኝ። «ቀድማ የመጣችውን አስገባለሁ። ሁለተኛዋ ትቆጣለች። የምትቆጣው ደግሞ በኔ ነው።»

ይኼ ከሰነዱ ሁሉ የሚበልጥ መረጃ ነው። ዌብሳይቱ ተጨምሮ ደብተሮቹ ከቀጠሉ ሦስተኛ ደብተር ነው የምጨምርላቸው። ስለዚህ የሥራ ወሰኑ የመጀመሪያ አንቀጽ እንዲህ ሆነ፦ «በስልክ፣ በአካልም ሆነ በዌብሳይት የሚያዝ ቀጠሮ ሁሉ የሚመዘገበው በአንድ ሲስተም ብቻ ነው። ክሊኒኩ ሲስተሙ ሥራ ከጀመረበት ቀን ጀምሮ በደብተር ቀጠሮ አይይዝም።» ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የኔ ሥራ አይደለም፣ የክሊኒኩ ግዴታ ነው። ግን ካልተጻፈ የኔ ሥራ እንዳልሠራ ይቆጠራል።

ማክሰኞ ማታ

ሰዓቱን መከፋፈል ላይ ነኝ። ዶክተሩ አንድ ታካሚ በአማካይ 20 ደቂቃ ይበቃዋል አሉኝ። የጠዋቱ 4 ሰዓት ለአንድ ሐኪም 12 ቦታ ይሆናል፣ የከሰዓቱ 3 ሰዓት 9 ቦታ። ከየሰዓቱ ሦስት ቦታ ሁለቱን ለቀጠሮ ከፍቼ ሦስተኛውን እዘጋዋለሁ። ዝጉ ቦታ ቀጠሮ ለሌላቸው ነው፣ መዘግየትንም የሚውጠው እሱ ነው። እንዲህ ሲሆን ለአንድ ሐኪም ጠዋት 8 ከሰዓት 6፣ በጠቅላላው 14 የቀጠሮ ቦታ በቀን ይኖራል። ለሁለቱ 28።

የተዘጋው ቦታ ብዛት ከካርድ ክፍሉ ገጽ ላይ የሚቀየር ይሆናል። ክረምት ሲገባ ወይም ሰው ቀጠሮ መያዝ ሲለምድ ቁጥሩ መቀየሩ አይቀርም፣ ለዚያ ብለው ፕሮግራመር መጥራት የለባቸውም።

ሁለት ሕግ ግን ከኔ ሊወጣ አይችልም፣ ዶክተሩ ናቸው የሚወስኑት። አንደኛ፣ የዘገየ ሰው ቦታው መቼ ይለቀቃል? ሁለተኛ፣ ድንገተኛ ሕመምተኛ ሲመጣ ቀጠሮ ያለው ሰው ምን ይባላል? በቴሌግራም ላኩላቸው። የመጀመሪያውን «15 ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ ቀጠሮ ከሌላቸው ጋር ይሰለፋል» አሉ። ለሁለተኛው «ድንገተኛ ሁሌም ይቀድማል፣ ይኼ ዌብሳይቱ ላይ በትልቁ ይጻፍ» ብለው መለሱ። ሁለቱንም በራሳቸው ቃል ሰነዱ ውስጥ አስገባሁ።

ሁለት ሰው በአንድ ቅጽበት አንድ ቦታ ቢጫን ምን እንደሚሆንም ጻፍኩ። ብዙ ሰው ይኼን የሚከላከለው በገጹ ላይ ነው፦ ቦታው ተይዟል ወይ ብሎ ይጠይቅና ካልተያዘ ይመዘግባል። በጥያቄውና በምዝገባው መሃል ግን ሌላ ሰው ሊገባ ይችላል፣ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ደግሞ ያ ክፍተት ይሰፋል። እምቢ ማለት ያለበት ዳታቤዙ ራሱ ነው። በ`PostgreSQL` እንዲህ ይሆናል፦

```sql
CREATE UNIQUE INDEX one_slot
ON bookings (doctor_id, starts_at)
WHERE status <> 'cancelled';
```

የተሰረዘ ቀጠሮ ቦታውን እንዲለቅ ነው የመጨረሻው መስመር። ዶክተሩ ይህን ማንበብ የለባቸውም። ሰነዱ ላይ የተጻፈላቸው «ሁለት ስልክ ይዘን በአንድ ጊዜ አንድ ሰዓት እንጫናለን፣ አንዱ ብቻ ይይዛል፣ ሌላው ሌላ ሰዓት እንዲመርጥ ይነገረዋል» የሚለው ነው። ይህን በዓይናቸው አይተው ይፈርማሉ።

ረቡዕ

ዛሬ ሙሉ ቀን ስለ ሰዓት ነው ያሰብኩት። ከውጭ የተገዛ ዝግጁ የቀጠሮ ሲስተም ብንጠቀም ይረክስ ነበር፣ ዶክተሩም ጠይቀውኛል። የሚያግደኝ ሰዓቱ ነው።

ዝግጁዎቹ «9:00» ብለው ያሳያሉ። አንዲት እናት ያንን አይታ 9 ሰዓት ማለት ከሰዓት ነው ብላ ትመጣለች፣ እነሱ ጠዋት 3 ሰዓት ማለታቸው ነበር። ሐኪሙ ጠዋት ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል፣ እሷ ደግሞ ክሊኒኩ ዝግ በሆነበት የቀትር ሙቀት ትደርሳለች። ቀኑም እንደዚያው ነው። የስልኩ የራሱ ቀን መምረጫ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚከፈተው፤ ጥቅምት 11 የሚል ሰው ኦክቶበር 11ን ከነካ አሥር ቀን ቀድሞ ይመጣል።

ስለዚህ የሥራ ወሰኑ ላይ «ታካሚ የሚያየው ቀንና ሰዓት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ ከሰዓቱ ጋር ጠዋት፣ ከሰዓት ወይም ማታ የሚል ቃል ሁልጊዜ ይኖራል» ብዬ ጻፍኩ። ቀን መምረጫ አይኖርም። የሚቀጥሉት 14 ቀናት እንደ አዝራር ተደርድረው ይታያሉ፤ «ማክሰኞ ጥቅምት 11» የሚለውን ተጭኖ ቀጥሎ «ጠዋት 3:30» የሚለውን ይጫናል። ከ14 ቀን በላይ የራቀ ቀጠሮ በዌብሳይት አይያዝም። የእርግዝና ክትትል ወር የሚርቅ ስለሆነ እሱን ካርድ ክፍሏ ታስገባለች።

ከኋላ ያለው ግን መደበኛው ሰዓት ነው የሚቀመጠው፣ በ`Africa/Addis_Ababa`። ወደኛ የሚቀየረው ሲታይ ብቻ ነው። ቀኑን ብራውዘሩ ራሱ ይቀይረዋል፣ ሰዓቱን ግን አይቀይርም፣ ስለዚህ በእጅ ይጻፋል፦

```js
const ken = new Intl.DateTimeFormat('am-ET-u-ca-ethiopic',
  { weekday: 'long', month: 'long', day: 'numeric',
    timeZone: 'Africa/Addis_Ababa' });
const seat = h => ((h + 5) % 12) + 1;
```

`seat(9)` 3 ይሰጣል፣ `seat(18)` 12 ይሰጣል። ፈተናው ያለው ጫፍ ላይ ነው። ጳጉሜን ላይ ቀጠሮ ይዤ መስከረም 1 በትክክል መከተሉን አያለሁ። አሮጌ ስልኮች ላይ ብራውዘሩ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ባያውቅ ቀኑ ሰርቨሩ ላይ ተቀይሮ እንዲመጣ አደርጋለሁ። ይህ ነው የቀጠሮውን ክፍል ቀን ያበዛብኝ፣ ዶክተሩ «ለምን 7 ቀን?» ሲሉኝ የማሳያቸውም ይኼን ነው።

ሐሙስ

የስልክ መልእክት። ዶክተሩ አንድ ጽሑፍ ልከውልኛል፦

«ውድ ደንበኛችን፣ ክሊኒካችንን ስለመረጡ ከልብ እናመሰግናለን። ቀጠሮዎ ማክሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም ከጠዋቱ 3:30 ላይ መሆኑን እናሳውቃለን።»

ደስ የሚል ነው። ግን 95 ፊደል ነው። በእንግሊዝኛ አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፣ በአማርኛ 70 ብቻ። ፊደላችን የሚላክበት መንገድ ለእያንዳንዱ የበለጠ ቦታ ስለሚወስድ ነው። ከ70 ካለፈ ተቆርጦ እንደ ሁለት ይላካል፣ እንደ ሁለትም ይከፈላል። ታካሚው ስልክ ላይ ተገጣጥሞ አንድ ሆኖ ስለሚታይ ክሊኒኩ የሚያውቀው ሒሳቡ ሲመጣ ነው።

በቀን 28 ቀጠሮ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት መልእክት (ሲይዝ አንድ፣ ዋዜማው ላይ አንድ)፣ በወር 26 የሥራ ቀን። 1,456 መልእክት ይሆናል። በእሳቸው ጽሑፍ ግን 2,912 ይከፈላል። እኔ ያቀረብኩት ይኼ ነው፦

«ቀጠሮዎ፦ ማክሰኞ ጥቅምት 11 ጠዋት 3:30። መምጣት ካልቻሉ ይደውሉ።»

44 ፊደል። ስልክ ቁጥራቸው ሲጨመርም 55፣ ገና ከ70 በታች ነው። ምስጋናውን ዌብሳይቱ ላይ እናስቀምጠዋለን። ሰነዱ ላይ «አንድ መልእክት ከ70 ፊደል አይበልጥም» የሚል መስመር ገባ፣ ካርድ ክፍሏ ጽሑፉን ስትቀይርም ቆጣሪው ከፊቷ ይታያታል።

ሌላም ያስወጣሁት ነገር አለ። የሐኪሙ ዓይነት መልእክቱ ላይ አይጻፍም። አንድ ስልክ ለቤተሰቡ ሁሉ የሚሆንበት ቤት ብዙ ነው። «የማህፀን ሐኪም ቀጠሮዎ» የሚል መልእክት ባል ወይም አማት እጅ ላይ ቢበራ ለዚያች ሴት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ከተማ ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ለዚሁ ብዬ «የመጡበት ምክንያት» የሚለውን ሳጥንም ከማስያዣው ገጽ አወጣሁት። ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የትኛው ሐኪም፤ በቃ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚፈልጉት ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ያልሰበሰብነው መረጃ ደግሞ አይሰረቅም።

ስልክ ቁጥሩ ላይም አንድ ነገር። አንዳንድ ሲስተም 09 የማይል ቁጥር አይቀበልም። ሳፋሪኮም በ2014 ዓ.ም ነሐሴ ላይ አገልግሎቱን የጀመረው በዚሁ በድሬዳዋ ነው፣ እዚህ 07 የያዘ ሰው ብዙ ነው። ሁለቱም መያዝ አለባቸው፣ `+251` ብሎ የጻፈም። መልእክቱ ለሁለቱም ኔትወርክ መድረሱ ደግሞ ለብቻው ይሞከራል። በአንዱ ደርሶ በሌላው ላይደርስ ይችላል፣ ሲስተሙ ግን ለሁለቱም «ተልኳል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ የምናየው ስክሪኑን ሳይሆን ስልኮቹን ነው።

የመልእክት አገልግሎቱን ውል የሚፈርመው ክሊኒኩ ነው፣ በራሱ ንግድ ፈቃድ። ይህ ወረቀት የሚፈጀው ጊዜ በኔ እጅ አይደለም። ስለዚህ የማስረከቢያ ቀኔ ከሱ ጋር አልታሰረም፤ ውሉ ቢዘገይ ዌብሳይቱ ያለ መልእክት ይከፈታል፣ ፈቃዱ ሲመጣ እኔ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አገናኘዋለሁ።

ዓርብ

የማይሠራው ዝርዝር። ከሚሠራው ይልቅ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ይኼ ነው። ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ጋር ሄጄ አንድ በአንድ አነበብኩላቸው።

የላብራቶሪ ውጤት በዌብሳይት ማየት የለም ስል አቆሙኝ። «አንድ ገጽ መጨመር ምን አለው አቦ? ቀጠሮው ከተሠራ ውጤቱም በዚያው ይገባል።»

እንዲህ አልኳቸው። ቀጠሮ የያዘ ሰው ማንነቱን የሚያረጋግጠው ክሊኒኩ ሲመጣ ነው። በሌላ ሰው ስም ቢይዝ የሚጠፋው 20 ደቂቃ ነው። ውጤት ግን ለተሳሳተ ሰው ከታየ አይመለስም። የይለፍ ቃል፣ ማን መቼ እንዳየው መዝገብ፣ የሠራተኞች የተለያየ ፈቃድ፣ ይህ ሁሉ ከቀጠሮው የበለጠ ሥራ ነው። «ከፈለጉ በሌላ ፕሮፎርማ በሌላ ጊዜ እናየዋለን» አልኩ። ትንሽ አሰቡና «ይቅር፣ ለጊዜው መጥተው ይውሰዱ» አሉ።

በቴሌብር ቅድሚያ ማስከፈልም አውጥቼዋለሁ። ክፍያው ራሱ ይቻላል። የሚቸግረው ታካሚው ሲሰርዝ ነው፤ ገንዘቡ ይመለሳል? ማን ይመልሳል? ስንት ሰዓት ቀድሞ ከሰረዘ? ክሊኒኩ ለዚህ መልስ የለውም፣ መልስ የሌለውን ነገር ኮድ ማድረግ አልችልም።

ዶሜይኑ በክሊኒኩ ስም ይመዘገባል የሚለውን ሲሰሙ ግን ራሳቸው ጨመሩበት። ከዚህ በፊት አንድ ሰው ዌብሳይት ሠርቶላቸው ዶሜይኑን በራሱ ስም አስመዝግቦት ነበር። በኋላ ስልክ ማንሳት ተወ፣ አድራሻውም ሳይታደስ ጠፋ። ስለዚህ «የዶሜይኑ፣ የሰርቨሩና የመልእክቱ አካውንት ባለቤት ክሊኒኩ ነው፤ የይለፍ ቃሎቹ በርክክብ ቀን በጽሑፍ ይሰጣሉ፣ ዶክተሩ ራሳቸው ገብተው ያረጋግጣሉ» ብዬ ከፊታቸው ጻፍኩት።

አንድ የጨመርኩት ደግሞ አለ። መብራት ወይም ኔት ጠዋት ቢጠፋ ካርድ ክፍሏ ምን ታያለች? ሁልጊዜ ማታ የነገው ዝርዝር በአንድ ገጽ ይታተማል። ስም፣ ሰዓት፣ ስልክ። ወረቀቱ በማግስቱ ማታ ይቀደዳል።

ዓርብ ማታ

ዋጋው። የምሠራበት የቀን ዋጋ 4,000 ብር ነው። ውይይትና ንድፍ 3 ቀን፣ የመረጃ ገጾች 3፣ የቀጠሮ ማስያዣው 7፣ የካርድ ክፍሉ ገጽ 5፣ መልእክት 3፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ማድረግ 2፣ ሐኪሞች ራሳቸው ፕሮግራማቸውን የሚቀይሩበት ገጽ 4፣ ሙከራ፣ ስልጠናና ርክክብ 4። 31 ቀን፣ 124,000 ብር።

በቋንቋው ላይ 2 ቀን የሚበቃኝ ገጹን ማዘጋጀቱ ብቻ የኔ ስለሆነ ነው። የሶማልኛና የኦሮምኛ ጽሑፉን የሚሰጠኝ ክሊኒኩ ነው፣ ሠራተኞቻቸው ይናገሩታል፣ ታካሚውን በምን ቃል እንደሚያነጋግሩትም የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ዶሜይን፣ ሰርቨርና የመልእክት ሒሳብ ከዚህ ውጭ ነው፣ ክሊኒኩ በቀጥታ ይከፍላል። የሰርቨሩ ዋጋ በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ በብር የምጽፈው ከሁለት ወር በኋላ ላይሆን ይችላል። ፕሮፎርማው የሚጸናው ለ15 ቀን ነው ብዬም ከታች ጻፍኩ። ተቀናሽ ግብር ከቀነሱ ደረሰኙን ይሰጡኛል፣ የምንስማማበት ዋጋ ግን ከመቀነሱ በፊት ያለው ነው።

ቅዳሜ

ዶክተሩ ደወሉ። «ሰነዱ ጥሩ ነው። ግን እኔ ያለኝ መቶ ሺህ ነው። ቀንስልኝ።»

የቀን ዋጋዬን ከቀነስኩ ሥራው ያው ሆኖ ይቀራል፣ የሚጠፋው ሙከራው ነው። ማንም የማያየው እሱ ስለሆነ ጊዜ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ሙከራ ነው። ስለዚህ «ዋጋውን ሳይሆን ሥራውን እንቀንስ፣ የትኛው ይቅር?» አልኳቸው።

አብረን አየነው። የሐኪሞቹ ገጽ 4 ቀን ነው። ሐኪሞቹ ሁለት ናቸው፣ ካርድ ክፍሏ ደግሞ በር ላይ ነች፤ «ነገ አልገባም» ቢሏት እሷ ትዘጋዋለች። ወጣ። ከቀጠሮው 7 ቀን ውስጥ 2ቱ ታካሚው አካውንት ከፍቶ ራሱ የሚሰርዝበት ነው። አካውንት መክፈት ለብዙ ታካሚ ራሱ እንቅፋት ነው፣ የምንልከው መልእክት ደግሞ ደውሉ ይላል። እሱም ወጣ። 25 ቀን ቀረ፣ 100,000 ብር። የወጡት ሁለቱ «ወደፊት ሊጨመሩ የሚችሉ» በሚል ርዕስ ከነዋጋቸው ሰነዱ መጨረሻ ላይ ገቡ፣ 16,000 እና 8,000።

ሦስት ቋንቋውም ይቅር ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አይሆንም አልኩ። ይኼ ድሬ ነው። ሶማልኛ ብቻ የምታነብ እናት ገጹን ከፍታ የማታነበው ከሆነ ተመልሳ ወረፋው ላይ ነው የምትቆመው። 8,000 ብር ለማትረፍ ብለን ገጹን ለግማሽ ከተማ መዝጋት የለብንም። ተስማሙ።

ሰኞ፣ ሁለተኛው ሳምንት

የመጨረሻው ንባብ። ክፍያው በሦስት ነው፤ ሲጀመር 30,000፣ በመሃል 40,000፣ በርክክብ 30,000። የመሃሉ «ሥራው ግማሽ ሲደርስ» አይልም፣ ግማሽ የት እንደሆነ ማንም አያውቅም። «ካርድ ክፍል የምትሠራው ሠራተኛ በሙከራ አድራሻው ላይ በራሷ ስልክ ቀጠሮ ይዛ፣ ቀይራ፣ ሰርዛ ስታሳይ» ይላል።

የክሊኒኩ ግዴታዎች በአንድ አንቀጽ ተሰበሰቡ። የሐኪሞቹ ስምና የሥራ ሰዓት፣ የአገልግሎት ዝርዝር፣ ፎቶ፣ የሁለቱ ቋንቋ ጽሑፍ፣ ሥራው ከተጀመረ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ይደርሰኛል። ከዘገየ የማስረከቢያው ቀን በዚያው ልክ ይገፋል። ዌብሳይት ሥራ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጠበቀው ኮዱ ሳይሆን ፎቶው ነው። ለማየት የምሰጣቸውን ደግሞ በ7 ቀን ውስጥ አስተያየት ካልሰጡበት እንደተቀበሉት ይቆጠራል።

ከርክክብ በኋላ ለ30 ቀን ብልሽት በነፃ እጠግናለሁ። ብልሽት ማለት ሰነዱ ላይ የተጻፈ ነገር እንደተጻፈው ሳይሠራ ሲቀር ነው። ሌላው ሁሉ አዲስ ሥራ ነው፤ ስንት ቀን እንደሚወስድ እጽፋለሁ፣ ዶክተሩ በቴሌግራም «እሺ» ካሉ ይበቃል። በቃል የተባለ ግን አይቆጠርም፣ ለሁለታችንም።

ዶክተሩ ብዕር አውጥተው አንድ ቦታ ላይ አቆሙ። ዳታው በየቀኑ ቅጂ ይያዝለታል የሚለው ላይ። «ቅጂው እንደሚሠራ በምን አውቃለሁ?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። «በርክክብ ቀን የትናንቱን ቅጂ ሌላ ቦታ ላይ መልሼ ከፍቼ የትናንቱን ቀጠሮ አሳይዎታለሁ» ብዬ በእጅ ጨመርኩበት፣ ሁለታችንም ጎኑ ላይ ፈረምን።

ማህተሙ ተመታ። 30,000ው ዛሬ ከሰዓት ገባ። ለመልእክት አገልግሎቱ የሚሄደውን ማመልከቻ እሳቸው ነገ ያስገባሉ። ካርድ ክፍሏ ደግሞ ሁለቱን ደብተሮች ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች፤ ሲስተሙ ሥራ ከሚጀምርበት ቀን በኋላ የሚውሉትን ቀጠሮዎች ወደ ሲስተሙ የማስገባው ከእነሱ ላይ ነው።